«ማሽኑ አያዳላም» ላሉት መምህር

ሰሞኑን አንድ መምህር ስለ ኤአይ ዲቴክተር፣ ማለትም ጽሑፍን የጻፈው ሰው ይሁን ማሽን እለያለሁ ስለሚል መሣሪያ የጻፉትን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል፤ ዋና ዋና ነጥቦቹ በራሳቸው ቃል እነዚህ ናቸው፦

«ኤአይ ዲቴክተር የተማሪውን ስም፣ አገርና ቀለም አያይም። የሚያየው ጽሑፉን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሊያዳላ አይችልም።»

«ሻጮቹ ስህተቱ ከመቶ አንድ አይሞላም ይላሉ። ከመቶ 99 ጊዜ ልክ የሆነ ዳኛ ከየት ይገኛል?»

«እንግሊዝኛው የደከመ ተማሪ እንግሊዝኛውን ያሻሽል። መፍትሔው እሱ ነው።»

«በራሱ እጅ የጻፈ ሰው ምን ያስፈራዋል? ረቂቁን አምጥቶ ያሳይ።»

መምህሩ ከየት እንደተነሡ ይገባኛል። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ በአንድ ሌሊት ቴሲስ «ጽፎ» የሚያድር ተማሪ አለ። ያላነበበውን ወረቀት ይዞ ዲፌንስ ላይ የሚቆምም አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ የተከመረበት አማካሪ አንድ ቁልፍ ተጭኖ መልስ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። አልፈርድበትም። የእኔ ጠብ ከቁልፉ ጋር ነው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሣ። ዲቴክተሩ ስም እንደማያይ እውነት ነው። ግን ጽሑፉን ሲያይ ምኑን ነው የሚያየው? መምህሩ እዚህ ላይ ዘለውታል፣ ሙሉው ጉዳይ ግን ያለው እዚያ ነው።

ብዙዎቹ ዲቴክተሮች፣ በተለይ በ2023 (እ.ኤ.አ.) የወጡት፣ ዋናው ልካቸው ጽሑፉ ምን ያህል አስቀድሞ የሚገመት እንደሆነ ነው። ባለሙያዎቹ ፐርፕሌክሲቲ ይሉታል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንድ የቋንቋ ሞዴል፣ ቻትጂፒቲን የመሰለ ፕሮግራም ማለት ነው፣ ጽሑፉን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነባል፣ በየቃሉ ላይ ቆም ብሎም ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይገምታል። ግምቱ ደጋግሞ ከያዘለት የጽሑፉ ፐርፕሌክሲቲ ዝቅተኛ ነው፤ ደጋግሞ ከሳተ ከፍተኛ ነው። ሞዴሎቹ ራሳቸው ሲጽፉ ወደሚጠበቀው ቃል ስለሚያዘነብሉ፣ ዲቴክተሩ ዝቅተኛ ውጤት ሲያይ «ይሄ የማሽን ነው» ይላል። አንዳንዶቹ የዓረፍተ ነገሮቹንም መለዋወጥ ይጨምራሉ። አንዱ አጭር፣ አንዱ የተንዛዛ ከሆነ የሰው፤ ሁሉም እኩል እኩል ከሆነ የማሽን።

እንግዲህ የእኛን ተማሪ እዚህ ሚዛን ላይ እናስቀምጠው። «ኤዱኬሽን ፕሌይስ ኤ...» ብዬ ልተወው። ቀጣዩን ቃል እርስዎም ያውቁታል። «ቫይታል» ነው፤ ካልሆነ «ክሩሻል»። ከዚያ «ሮል»። ከዚያ «ኢን ዘ ዴቨሎፕመንት ኦፍ ኤ ካንትሪ»። ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቱ ጽፎ የማያውቅ የኢትዮጵያ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። እንዲህ አድርገን ያስተማርነው እኛው ነን። አንቀጽ በምን እንደሚጀመር፣ በምን ማያያዣ እንደሚሸጋገር፣ በ«ኢን ኮንክሉዥን» እንደሚዘጋ አስጠንተነዋል፣ ማርክም ሰጥተነዋል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ሌላ ቅርጽ ይጠብቀዋል። የቴሲሱን ምዕራፍ ሦስት ይክፈቱት፤ ጥናቱ «ዲስክሪፕቲቭ ሰርቬይ ዲዛይን» እንደተጠቀመ፣ ናሙናው እንዴት እንደተመረጠ፣ መጠይቁ ለስንት ሰው እንደተበተነ፣ ካለፈው ዓመት ተመራቂ ወረቀት ጋር ቃል በቃል ሊገጥም ምንም አይቀረውም። ልጁ ሊለውጠው ቢሞክር አማካሪው «ፎርማቱን ጠብቅ» ብሎ ይመልስለታል። የሚገመት ጽሑፍ እንዲጽፍ አዘዝነው፣ የሚገመት ጽፈሃል ብለን ልንከሰው ነው።

በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው ለአንድ ሐሳብ አምስት ስድስት አባባል በእጁ አለው። እንደ ስሜቱ ይመርጣል፣ ይቀልዳል፣ ዓረፍተ ነገሩን ያጣምማል፣ ሕጉንም ይጥሳል። በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፈው ግን እርግጠኛ የሆነበትን ያነሣል። ልክ መሆኑን የሚያውቀው ደግሞ በየመጽሐፉ ደጋግሞ ያየውን ነው፣ ይህም ሞዴሉ ደጋግሞ ያየው ማለት ነው። ስለዚህ ዲቴክተሩ ስሙን ማየት አያስፈልገውም። ዝም ብሎ ልኬቱን ሲሠራ ከአንድ ወገን የሚበዛ ሰው ይለቅማል። አድልዎ ክፉ ሐሳብ አይፈልግም፤ አንዱን ወገን የሚነካ መለኪያ በቂው ነው።

ይህ በወሬ የቀረ ነገር አይደለም። በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ዲቴክተሮችን ወስደው በሁለት ክምር ጽሑፍ ላይ ፈተኑ። አንዱ ክምር እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸው 91 ድርሰቶች ናቸው። ሌላው የአሜሪካ ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የጻፏቸው 88 ድርሰቶች። ሁለቱም የሰው እጅ ሥራ ነው። የአሜሪካኖቹን ልጆች ዲቴክተሮቹ በአማካይ ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ ነው የተሳሳቱባቸው። የቶፍሎቹን ግን በአማካይ ከመቶ 61ዱን «ማሽን ነው የጻፋቸው» አሉ። ከ91ዱ 18ቱን ሰባቱም ዲቴክተሮች በአንድ ድምፅ ኮነኗቸው። በአንዱም ዲቴክተር ያልተጠረጠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ይበልጥ የገረመኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። እነዚያኑ የቶፍል ድርሰቶች ለቻትጂፒቲ ሰጥተው «የቃላት ምርጫውን እንደ አፍ ፈት ተናጋሪ አሳምርልኝ» አሉት። የተጠርጣሪው ቁጥር ከመቶ 61 ወደ 12 ገደማ ወረደ። በግልባጩ የአሜሪካኖቹን ድርሰቶች ቃላቱን አቅልለው በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው እንደጻፈው ሲያስመስሏቸው፣ ጥርጣሬው ከመቶ አምስት ወደ 57 ገደማ ዘለለ። እስቲ ይህን ልብ በሉት። ብቻውን የጻፈው ተያዘ፣ በማሽን ያስዋበው አለፈ። መምህሩ «አያዳላም» ያሉት መሣሪያ ተማሪውን የሚመክረው ምክር ቢኖር «ንጹሕ መሆንህን ለማሳየት ኤአይ ተጠቀም» የሚል ነው።

እዚህ ላይ ለመምህሩ የሚገባቸውን ልስጥ። 91 ድርሰት ብዙ አይደለም። የቶፍል ድርሰት አጭር ነው፣ አጭር ጽሑፍ ደግሞ ለዲቴክተር አስቸጋሪ ነው። ከ2023 ወዲህ መሣሪያዎቹም ተለውጠዋል። የፕላጃሪዝምና የኤአይ መመርመሪያ ሻጩ ተርኒቲን ከ300 ቃል በላይ በሆኑ ጽሑፎች ላይ በራሱ ባደረገው ፍተሻ በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘሁም ብሏል። በ2024 ጂአርኢ በተባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ድርሰቶች ላይ የተሠራ ጥናትም፣ ዲቴክተሩ ከመነሻው በዚያው ዓይነት ድርሰት ሲሠለጥን በሁለተኛ ቋንቋ ጸሐፊዎች ላይ አድልዎ አላየም። ስለዚህ «ዲቴክተር ሁሉ ሁልጊዜ ያዳላል» ብዬ አልከራከርም። ይህን ቢሉኝ እኔም አልቀበልም።

ነገር ግን የጂአርኢው ጥናት ለእኔ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ዲቴክተሩ የሚዳኘውን ዓይነት ጽሑፍ ቀድሞ ካየ ይሻላል ማለት ነው። ታዲያ በእርስዎ ትምህርት ክፍል ያለው መሣሪያ የወለጋን፣ የጎንደርን ወይም የሐዋሳን ተማሪ እንግሊዝኛ የት አየ? ሻጩ በእንደዚህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ፈትኜዋለሁ ካለ ውጤቱን ያሳየን። ካላሳየ በሌላ ሕዝብ ድርሰት የተለካን መሣሪያ አምጥተን እኛ ላይ እየተለማመድንበት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነገሩ የሒሳብ ነው፣ እና ከመቶ አንድ የምትለዋ ቁጥር ስትሰማ ታማልላለች። መጀመሪያ ስለ አማካይ እንነጋገር። አንድ ሺህ ጸሐፊ አለን እንበል፣ 900ው አፍ ፈት ተናጋሪ፣ 100ው በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ። ዲቴክተሩ በአሥር ሰው ላይ ተሳሳተ፣ ማለትም ከመቶ አንድ። ከአሥሩ ስምንቱ ከመቶዎቹ ወገን ቢሆኑስ? የእነሱ የስህተት መጠን ከመቶ ስምንት ሆነ፤ የዘጠኝ መቶዎቹ ከ450 አንድ። አማካዩ አሁንም ከመቶ አንድ ነው፣ ማስታወቂያውም አልዋሸም። ይህ የእኔ ምሳሌ ነው እንጂ የማንም ኩባንያ ውጤት አይደለም፤ ግን አንድ ነገር ያሳያል። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ከዘጠኝ መቶዎቹ ወገን የሆነ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ተማሪ ከመቶዎቹ ነው። ስለዚህ አማካዩ ለእኛ ምንም አይነግረንም።

ሌላው ደግሞ «ልክ ነው» ስንል ከየት አቅጣጫ እንደምንቆጥር ነው። ኦፕንኤአይ፣ ቻትጂፒቲን የሠራው ራሱ ኩባንያው፣ በጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) የራሱን ዲቴክተር አውጥቶ ነበር። በራሱ መግለጫ፣ ከኤአይ ጽሑፎች የያዘው ከመቶ 26ቱን ሲሆን፣ ከሰው ጽሑፎች ደግሞ ከመቶ ዘጠኙን በስህተት የማሽን ብሏል። አንድ መቶ ተማሪ ያለበት ክፍል ወስደን 20ዎቹ በኤአይ አስጽፈዋል፣ 80ዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል እንበል። ከ20ዎቹ አምስቱ ይያዛሉ። ከ80ዎቹ ሰባቱ ያለ ጥፋታቸው ይያዛሉ። መምህሩ ፊት 12 ስም ይቀርባል፣ ሰባቱ ንጹሐን ናቸው። 15 አጭበርባሪ ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ይስቃል። ኩባንያው ይህን ዲቴክተር በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ከአገልግሎት አወጣው።

«እሱ የቆየ ነው፣ የአሁኖቹ ይሻላሉ» ይሉኝ ይሆናል። ይሻላሉ። ጥያቄው ግን አይለወጥም፤ ከተያዙት ውስጥ ስንቱ ንጹሕ ነው? ይህን ለማወቅ የመሣሪያው የስህተት መጠን ብቻ አይበቃም፣ በክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንዳጭበረበረም ማወቅ ያስፈልጋል። እሱን ደግሞ ማንም አያውቅም። የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ከመቶ አንድ የምትለዋን ቁጥር እንዳለች ተቀብሎ አሰላት። በ2022 ለተርኒቲን የላከው ጽሑፍ 75,000 ነበር፣ ስለዚህ 750 ያህሉ በስህተት ሊከሰሱ ይችሉ ነበር ማለት ነው። በነሐሴ 2023 ኤአይ መመርመሪያውን ዘጋው። ተርኒቲን ራሱም ውጤቱ ብቻውን በተማሪ ላይ እርምጃ ለመውሰድ መነሻ መሆን የለበትም ብሎ ሪፖርቱ ላይ ያስጠነቅቃል። ሻጩ ያልደፈረውን ገዢው ሲደፍር ማየት ይገርማል።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ሁለት ቁጥሮችን ያምታታል። የፕላጃሪዝም ውጤት «ይህ አንቀጽ ከዚህ ምንጭ ጋር ይገጥማል» ብሎ ምንጩን ከፍቶ ያሳያል። ተከሳሹ ያየዋል፣ መምህሩ ያየዋል፣ ይከራከሩበታል። የኤአይ ውጤት ግን ምንጭ የለውም። «72 በመቶ» ይላል፤ ከምን ጋር ገጥሞ? ከምንም። ያለ ምስክርና ያለ ኤግዚቢት የቀረበ ክስ ነው። ሁለቱ በአንድ ሪፖርት ላይ ጎን ለጎን ስለሚመጡ ብቻ እኩል ክብደት እየሰጠናቸው ነው።

እንግሊዝኛን ስለ ማሻሻል ብዙ አልሄድም። ማሻሻል ጥሩ ነው፣ ማን ይጠላል። ግን የጂኦሎጂ ተማሪ የሚመዘነው በድንጋዩ ነው፣ ባሸበረቀ እንግሊዝኛ አይደለም። ደግሞም የተሻሻለ ሰው ከዲቴክተሩ ያመልጣል የሚለው በራሱ አጠያያቂ ነው። እነዚያው የስታንፎርድ ሰዎች አይሲኤልአር በተባለው ትልቅ የኮምፒውተር ሳይንስ ጉባኤ ለ2023 ተቀባይነት ያገኙ ጽሑፎችን ፐርፕሌክሲቲ ለክተው ነበር። ጽሑፎቹ የገቡት ቻትጂፒቲ ሳይወጣ ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ካልሆነባቸው አገሮች የመጡት ተመራማሪዎች ፐርፕሌክሲቲ ዝቅ ያለ ሆነ፤ ገምጋሚዎች የሰጧቸው ነጥብ ግምት ውስጥ ገብቶም ልዩነቱ አልጠፋም። እነዚህ ሰዎች በሙያቸው ጫፍ ላይ ያሉ ናቸው። እንግሊዝኛቸው ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ግልጽና ቀጥ ያለ ነው፣ ለሳይንስ የሚመከረውም እንደዚያ ያለው ነው።

ወደ መጨረሻው ነጥብ ስመጣ ከመምህሩ ጋር ግማሽ መንገድ አብሬ እሄዳለሁ። ረቂቅ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጎግል ዶክስ ላይ የጻፈ ተማሪ የለውጥ ታሪኩን ከፍቶ፣ ሰኞ ማታ የጻፈውን፣ ማክሰኞ የሰረዘውን ሊያሳይ ይችላል። ከዲቴክተር አሥር እጥፍ ይሻላል።

ግን ይህ ማስረጃ ያለው ላፕቶፕና ኢንተርኔት ላለው ነው። ብዙ ተማሪ ረቂቁን በደብተር ይጽፍና ጽሕፈት ቤት ወስዶ በገጽ እየከፈለ ያስተይባል። የተየበችው ልጅ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጣ ትሰጠዋለች። የፋይሉ ታሪክ ምን ይላል? 80 ገጽ በሁለት ቀን፣ በማያውቀው ሰው ስም፣ በማያውቀው ኮምፒውተር። ለመርማሪ ኮሚቴ ይህ ኤአይን ራሱን ይመስላል። ሌላው በስልኩ የተየበ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ፋይሉ ጠፍቶበት እንደገና የጀመረም አለ። ደብተሩን ጠብቆ ያቆየ ይድናል። ቴሲሱ ተጠርዞ ከገባ በኋላ ደብተሩን የጣለውስ?

«ምን ያስፈራዋል» የሚለውን ጥያቄ የማልወደው ለዚህ ነው። ንጽሕናን የማስረዳት ዋጋ ለሁሉም እኩል አይደለም። ዲቴክተሩ ደጋግሞ የሚጠራው በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፈውን ከሆነ፣ ከሱ መካከልም ረቂቅ ማሳየት የሚያቅተው ድሃው ከሆነ፣ ሸክሙ ሁለት ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ወደቀ። ያም ሰው ብዙ ጊዜ ሙግቱን ትቶ «እሺ እንደገና ልጻፈው» ብሎ ይወጣል። ኮሚቴውም «አመነ» ብሎ ይመዘግብለታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከውጭ አገር ደንብ ሳንገለብጥ በእጃችን ያለውን እንጠቀም። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. በፊት የገቡ የመመረቂያ ጽሑፎች በየቤተ መጻሕፍቱ አሉ። ቻትጂፒቲ አልነበረም፣ ስለዚህ ማንም በሱ አላስጻፈም። የትምህርት ክፍሉ ከነዚህ መቶውን ያውጣና ሊገዛው ባሰበው ወይም በገዛው ዲቴክተር ያስመርምር። የማሽን ነው የተባለ እያንዳንዱ ወረቀት የዲቴክተሩ ስህተት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ላይ ያልተለቀቁት ይመረጡ። የተለቀቀውን ሞዴሎቹ በሥልጠናቸው ወቅት አንብበውት ሊሆን ስለሚችል፣ ያነበቡት ደግሞ ስለሚገመትላቸው ውጤቱ ይዛባል። በምዕራፍ ለይተው ቢያዩትም ጥሩ ነው። ምዕራፍ ሦስት ከምዕራፍ አራት ይልቅ የሚጠረጠር ይመስለኛል። ከመቶው አሥራ አምስቱ ከተያዙ ደግሞ የዘንድሮውን ተማሪ በዚያ መሣሪያ ማን ደፍሮ ይከሰዋል?

ጥርጣሬ ካለ ዲፌንስ አለን። ተማሪው ቁጭ ብሎ መጠይቁን የት እንደበተነ፣ ሠንጠረዥ 4 ላይ ያለው ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ ለምን ይህን ናሙና እንደመረጠ ይጠየቅ። ያስጻፈ ሰው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቃል። ግን እባካችሁ፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ተማሪው በደንብ በሚናገረው ቋንቋ ይሁን፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም። እንግሊዝኛ ስለተንተባተበ «አልጻፈውም» ካልነው ዲቴክተሩን በር ላይ አስወጥተን በመስኮት አስገባነው።

መምህሩ ጽሑፋቸው ላይ ትምህርት ክፍላቸው ዲቴክተሩን መጠቀም እንደጀመረ ጠቅሰዋል። የድሮዎቹን መቶ ቴሲሶች ለማስመርመር የሚወስደው አንድ ቀን ነው። ካደረጉት ውጤቱን፣ ለእኔ ክርክር ቢከፋም እንኳ፣ ያውጡት።